ከ«እስማማለሁ» ወዲያ

«እስማማለሁ» የሚለውን ቃል እጠላው ነበር። ቃሉ በራሱ ምንም አላደረገኝም፤ የሚያናድደኝ ብቻውን መጥቶ፣ ምንም ሳያስከትል ቁጭ ማለቱ ነው። መቱ ባለው ኮሌጃችን ለአማርኛ መምህራን በኢንተርኔት የሚሰጠውን ሥልጠና እንድይዝ በተመደብኩበት ሰሞን፣ ጠዋት ቢሮዬ ገብቼ የውይይት ገጹን ስከፍት የሚጠብቀኝ ይኸው ነበር። «እስማማለሁ።» «እኔም እስማማለሁ።» «ጋሼ እንዳሉት ነው።» አንዳንዱማ የአማርኛ መምህር ሆኖ አማርኛው ሰልችቶት በኦሮምኛ «ኤዬ» ብሎ፣ አዎ ማለት ነው፣ ይሄድልኛል።

ሠልጣኞቹ ከሁሩሙ፣ ከያዮ፣ ከቡሬና ከየገጠሩ ትምህርት ቤት ናቸው። መቱ የሚመጡት ለክረምት ብቻ ነው፤ የቀረውን ዓመት የምንገናኘው በስልካቸው በሚከፍቱት ገጽ ነው። እኔ በየሳምንቱ አንድ ጥያቄ እለጥፋለሁ፤ እነሱ ሐሳባቸውን ይጽፋሉ፤ ከዚያ የሁለት ባልደረቦቻቸውን ጽሑፍ አንብበው መልስ ይሰጣሉ። ደንቡ ይህ ነው። መልስ የተባለው ግን አንድ መስመር ሆነ፤ ነጥብ ስለሚያዝበት ብቻ የሚጻፍ።

ጥያቄዎቼም ቢሆኑ ጥያቄ አልነበሩም። «ተማሪን ማበረታታት ለንባብ ይጠቅማል ትላላችሁ?» ብዬ ነበር የጀመርኩት። ይህን የሚክድ መምህር ከየት ይመጣል? አይጠቅምም የሚል ቢኖር እንኳ፣ እንዳይናገር ሌላ ነገር ያዘው። ገና በመጀመሪያው ሳምንት ገጹ ባዶውን ሲውል ጊዜ፣ ሁሩሙ ለምትኖር አንዲት ሠልጣኝ ደወልኩ።

«ምነው ዝም አላችሁ? ኔትወርክ ጠፋ እንዴ?»

«ኧረ ኔትወርኩስ አለ። የቡሬው ጋሼ አልጻፉማ» አለችኝ። «እሳቸው ሳይጽፉ እንዴት እንጽፋለን?»

የቡሬው ጋሼ ከሠልጣኞቹ ሁሉ በዕድሜ ትልቁ ናቸው። ጡረታቸው ተቃርቧል። ከመካከላችን ያስተማሩት ሰው ብዙ ነው፤ ወረዳ ጽሕፈት ቤት የተቀመጡት ሳይቀሩ ፊደል የቆጠሩት እሳቸው ዘንድ ነው። እኔም የኢሉባቦር ልጅ ነኝና ነገሩ ተገቢ ሆኖ ታየኝ። በትሕትና ጽፌ፣ ውይይቱን በየሳምንቱ እንዲከፍቱልን ለመንኳቸው። ከዚያ በኋላ ገጹ ምርቃት ሆነ፦ ሽማግሌው አንዱን ይላሉ፣ ሌላው ሁሉ አሜን ይላል።

አንድ ቀን ከረፋዱ ላይ ቢሮዬ በር ላይ ቆሙ። ካፖርታቸው በዝናብ ርሷል፤ ከቡሬ በጠዋቱ አውቶቡስ ነው የመጡት። ተነሥቼ ወንበር ሰጠኋቸው፣ ደህንነታቸውን ጠየቅሁ። ወደ ቀኛቸው እንድዞር በእጃቸው አሳዩኝ።

«በዚህኛው ትንሽ ይቀረኛል» አሉ ጆሯቸውን ነክተው። ድምፃቸው ለጠባቧ ቢሮ ይበዛ ነበር። «ያኛው ሄዷል።»

ጆሯቸው እንደደከመ ወሬው ነበረኝ፤ ይህን ያህል መሆኑን ግን አላውቅም ነበር። ጅማ ሄደው ታይተዋል። የጆሮ መሣሪያም ተሰጥቷቸዋል፤ ጩኸቱን ያመጣል እንጂ ቃሉን አያመጣም አሉኝ። በመምህራን ስብሰባ ላይ ሰው ሲስቅ አይተው ይስቃሉ። ቤተ ክርስቲያን ስብከቱ መቼ እንዳለቀ የሚያውቁት ሰው ሲነሣ ነው።

«ለምን ተመዘገብኩ መሰለሽ?» አሉኝ። «ዲግሪ ምን ያደርግልኛል፣ በዚህ ዕድሜዬ? ሁሉም ነገር በጽሑፍ ነው ሲሉኝ ነው። ከሰው ጋር አወራለሁ ብዬ። ከስንት ጊዜ በኋላ፣ አንዱ ሲናገር ገብቶኝ፣ እኔም መልሼለት...» ቆም አሉና ስልካቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ገጹን ከፈቱልኝ። «እስቲ እይው። ጋሼ እንዳሉት፣ ጋሼ እንዳሉት። እኔ ምን አልኩ? ያልኩትንማ አውቀዋለሁ። እነሱ ምን አሉ? አንቺ ልጅ፣ እዚህም መጥቼ ያው ጸጥታ ነው።»

ብናገር ሁለቴ መጮኽ ነበረብኝ። ወረቀት ስቤ «አስተካክላለሁ» ብዬ ጻፍኩላቸው። አነበቡና «እኔን አስቀድመሽ አታስጽፊኝ፤ ይኸው ነው የምለምንሽ» ብለው ወጡ። ከኋላቸው በሩን ዘግቼ አለቀስኩ። ቶሎ የማለቅስ ሰው አይደለሁም፤ ቶሎ የምቆጣ ነኝ።

ቁጣውን ሥራ ላይ አዋልኩት። መጀመሪያ የገጹን አሠራር ቀየርኩ። ሠልጣኝ የራሱን ሐሳብ እስኪለጥፍ ድረስ የሌላውን እንዳያይ የሚያደርግ ምርጫ ነበረው፤ አስቀድሜ ለምን እንዳልነካሁት እንጃ። አሁን ጋሼ ይጻፉ አይጻፉ ማንም ሳያውቅ ሁሉም የየራሱን ይዞ መምጣት ግድ ሆነበት። ቀጥሎ ቀኑን ለሁለት ከፈልኩት፦ የራስ ጽሑፍ እስከ ረቡዕ፣ ለባልደረባ የሚሰጠው መልስ እስከ እሑድ። ቀድሞ ሁሉም እሑድ ማታ ስለሚግተለተል፣ ለመጨረሻው ጸሐፊ የሚመልስለት አይኖርም ነበር።

የጥያቄው ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ከበደኝ። ስጽፍ ስሰርዝ ሰነበትኩ። አዎ ወይም አይደለም ተብሎ የሚያልቀውን ሁሉ ጣልኩ። ከመጽሐፍ ተገልብጦ የሚመለሰውንም ጣልኩ፤ ለእሱማ ሁሉም አንድ ዓይነት መልስ ስለሚያመጣ ከመስማማት ሌላ ምን ይባላል? አንድ ሰው ብቻ ሊያውቀው የሚችለውን ነገር መጠየቅ እንዳለብኝ ገባኝ፦ የራሱን ክፍል፣ የራሱን ልጅ፣ ባለፈው ሳምንት የሆነውን። መልስ ሰጪውም ጥሩ ነው መጥፎ ነው እንዲል ሳይሆን የሚሠራው ሥራ እንዲኖረው ፈለግሁ። ለባልደረባህ አስተያየት ስጥ ያሉት የእኛ አገር ሰው ያመሰግናል። ሥራ ከሰጡት ግን ይሠራል።

በመጨረሻ የለጠፍኩት ይህ ነበር፦

«በቅርቡ አንድ ተማሪዎ ድምፁን አውጥቶ ሲያነብ የሆነውን ያስታውሱ። ልጁ ምን አደረገ? እርስዎ ምን አሉት? ከዚያስ ልጁ ምን ሆነ? ያዩትን ብቻ ይጻፉ፤ የልጁን ስም አይጥቀሱ። በሁለተኛው ዙር የአንድ ባልደረባዎን ጽሑፍ ይምረጡ። ያ ልጅ በሚቀጥለው ዓመት ወደ እርስዎ ክፍል አለፈ እንበል። ምን ይዞ ይመጣል? ምንስ ጎድሎት ይመጣል? ምክንያትዎን ካስተማሩት ልጅ ጋር አያይዘው ይጻፉ። ባልደረባዎን መልሱን የማያውቁትን አንድ ጥያቄ ይጠይቁ። መስማማት አለመስማማትዎን አልጠየቅሁም።»

የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር በንዴት ነው የጨመርኳት። አውጥቼ ልጥላት ብዬ ተውኳት።

ረቡዕ ገጹ ሞላ። ከያዮ አንዱ መምህር በቡና ለቀማ ወቅት ከክፍል ስለሚጠፋ፣ ሲመለስም ፊደሉ ስለሚደባለቅበት ልጅ ጻፈ። የሁሩሙዋ፣ ሲስቁባት ማንበብ ስላቆመች ልጅ ጻፈች። ሻዬ እስኪቀዘቅዝ አነበብኩ። ሰዎቹ ለካ የሚሉት ነበራቸው።

የጋሼም መጣ። ተማሪዎቻቸው እቤት የሚናገሩት ኦሮምኛ፣ የለመዱት ጽሕፈትም የላቲኑ ቁቤ ስለሆነ፣ የአማርኛን ፊደል ሀ ብለው የሚጀምሩት እሳቸው ክፍል ነው። አንዲት ልጅ አስነሥተው አስነበቡ። «ጆሮዬ እንደ ድሮው አይደለም» ብለው ጻፉ። «ከንፈሯን አየሁ፤ ሳትቆም ነው የምትሄደው። ስትጨርስ ጎበዝ አልኳት፤ ደስ ብሏት ተቀመጠች። ሁሉንም ጎበዝ እላቸዋለሁ። ልጅ በጎበዝ ነው የሚያድገው።»

ሐሙስ ከሰዓት ከዚሁ ጽሑፍ ሥር አንድ መልስ ገባ። የጻፈችው እዚያው ቡሬ፣ በዚያው ትምህርት ቤት፣ ከእሳቸው ቀጥሎ ያለውን ክፍል የምታስተምር ወጣት ሴት ናት። እስከዚያ ቀን ድረስ «ጋሼ እንዳሉት» ከማለት በቀር ሌላ ነገር ጽፋ አታውቅም።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጥያቄው ‹ልጁ ወደ እርስዎ ክፍል አለፈ እንበል› ይላል። እኔ እንበል ማለት አልችልም፤ ያቺ ልጅ በየዓመቱ ወደ እኔ ታልፋለች። ስትመጣ ድፍረት ይዛ ትመጣለች፣ መነሣትና መቆም አትፈራም፤ ይህ ከእርስዎ ያገኘችው ነው፣ ከሌላ ክፍል በሚመጡት ላይ አላየሁትም። ማንበብ ግን አትችልም። ገጹን በቃሏ ሸምድዳ ነው የምትወጣው። ሳርማት ‹ጋሼ ጎበዝ ብለውኛል› ትለኛለች። አንዳንዶቹ ደግሞ ጭራሽ ድምፅ አያወጡም። ባለፈው ዓመት አንዱን ልጅ አስነሥቼ ዝም ብሎ ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ አየሁት። ምን እየሠራህ ነው ስለው እያነበብኩ ነው አለኝ። እርስዎ እንደማይሰሙ ልጆቹ ያውቃሉ ጋሼ። እኛም እናውቃለን። የምጠይቅዎት ይህን ነው፦ ማን ቢነግርዎት ይሻል ነበር?»

ጽሑፉን አንብቤ እጄን የቁልፍ ሰሌዳው ላይ አድርጌ ቀረሁ። ልሰርዘው እችል ነበር። ሥር ገብቼ ነገሩን ማለዘብም እችል ነበር። ግን አስተማሪ ቶሎ ገብቶ ከተናገረ ውይይቱ እዚያው ይሞታል፤ ሁሉም ወደ እሱ ዞሮ አሜን ይላል። ይህን ራሴ ተምሬው፣ ራሴ ለሌሎች አስተምሬዋለሁ። ደግሞስ ምን ብዬ ነው የምሰርዘው? ስለምነው የኖርኩት መልስ ይህ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ሥራዬ ተሳክቶልኝ፣ እንደዚያ ቀን ያዘንኩበት ጊዜ የለም።

ጋሼ በማግስቱ መለሱላት።

«ገለቶሚ፣ አመሰግናለሁ ልጄ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል ስሰማ የኖርኩት እውነት ነው ለካ። ማን ቢነግረኝ ይሻል ነበር ላልሽው፣ አንቺው በመንገርሽ ደስ ብሎኛል። ዋሽቼ አይደለም። አሁን እኔ ደግሞ ሁላችሁንም ልጠይቅ። የማይሰማ መምህር ልጆቹን ማስነበብ ይችላል? ይችላል የምትሉ፣ እንዴት? አይችልም የምትሉ፣ ልጆቹን ምን ብሎ ይሰናበታቸው?»

እሑድ አለፈ፤ የነጥቡም ቀን አብሮ አለፈ። ከዚያ በኋላ ግን፣ ነጥብ በሌለበት፣ ሰው ለጋሼ መጻፍ ጀመረ። ቸኩለው አልጻፉም፤ አንዱ ሰኞ፣ አንዷ ረቡዕ፣ አስበው አስበው ነው። እኔ ግን ያልጠበቅሁት ነገር በዚያው ሰኞ ሆኗል። ጋሼ ጠዋት ርእሰ መምህሩ ቢሮ ገብተው ከክፍል እንዲያወጧቸው ማመልከቻ አስገብተዋል። ለምነዋቸው ነበር ይባላል፤ ዓመቱን እንኳ ይጨርሱ ተብለው። «ከንፈር ሳይ ልዋል?» ብለው ወጡ። የጡረታቸው ጉዳይ በሕመም ምክንያት እንዲፋጠን ተደረገ።

ሥልጠናው በሥራ ላይ ላሉ መምህራን ነው። ስማቸው ከሚያስተምሩት ዝርዝር ሲወጣ፣ መልሶቹን ሳያዩ የገጹ መግቢያቸውም አብሮ ተዘጋ። ሬጅስትራር ሄጄ ተከራከርኩ።

«እስከ መንፈቀ ዓመቱ እንኳ ቢተውላቸው ምን አለበት?»

«ዝርዝሩ ከወረዳ ነው የሚመጣው፤ እኔ አልጨምር አልቀንስ» አለኝ እዚያ የሚሠራው ልጅ። አልዋሸም። ከእሱ በላይ ላለውም ነገርኩ፤ አዝናለሁ አለኝ። ማዘኑንስ እኔም አዝኜ ነበር።

ይኸው ነው የሆነው። ጋሼ ሰው እንዲያናግራቸው ነው የመጡት። ሰው እውነቱን ሲያናግራቸው ክፍላቸውን ለቀቁ። ክፍላቸውን ሲለቁ ደግሞ የሚያናግራቸው ገጽ ተዘጋባቸው፤ እነዚያ ረጃጅም መልሶች አንባቢያቸውን አጡ። ጥያቄዬ ባይሠራ ኖሮ ጋሼ ዛሬም ክፍላቸው ውስጥ ቆመው ጎበዝ ይሉ ነበር። ልጆቹም ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሱ ነበር። ይህን ሳስብ ወዲያም ወዲህም መሄጃ አጣለሁ።

መልሶቹን አተምኳቸውና አንድ ቅዳሜ ቡሬ ሄድኩ። ጋሼን ያገኘኋቸው ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ካለች ሻይ ቤት፣ በረንዳው ላይ ነው። ባለቤቲቱ ሻይ ስታቀርብላቸው ትከሻቸውን ነካ ታደርጋለች፤ ለመደችው መሰለኝ። ሲያዩኝ ተነሡ። ሳይነግሩኝ ወደ ቀኛቸው ዞርኩ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። ያም ጆሮ ሄዷል።

ወረቀቶቹን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን ጠርገው አደረጉና ማንበብ ጀመሩ። የሁሩሙዋ፣ ልጆቹን ስለ ድክመትዎ ይንገሯቸው፣ ልጅ ይቅር ማለት ያውቃል ብላለች። እዚያ ላይ ቆሙና እንደገና አነበቡት። የያዮው መምህር ደግሞ ልጆቹን ሁለት ሁለት አድርጎ አንዱ ሲያነብ ሌላው ከመጽሐፉ ላይ እየተከተለ፣ አንባቢው የሳተው ቃል ሥር በእርሳስ እንዲያሰምር፣ መምህሩ ከዚያ በኋላ የተሰመረውን ብቻ አይቶ እንዲያርም በሰፊው ጽፏል። ራሱ ክፍል ውስጥ ሞክሮት ነው የጻፈው። ጋሼ ይህን ሲያነቡ ጉልበታቸውን መታ አደረጉ።

«አየሽ ይህን? አየሽው? ይሄ ይሠራ ነበር!» ድምፃቸው መንገድ ድረስ ተሰማ፤ ሰው ዞሮ አየን። «ይሄ እኮ ክፍሌ ውስጥ ይሠራ ነበር!»

ከዚያ ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ አስተካክለው አስቀመጡ። ያችን ልጅ፣ ጎረቤታቸውን መምህርት፣ እንዳልወቅሳት ነገሩኝ፤ እቤታቸው መጥታ እንዳለቀሰች፣ እሳቸውም እንዳባበሏት። ሻዩን ፉት ብለው አዩኝ።

«ሁሉም ጽፎልኛል» አሉ። «አንቺ ግን የለሽበትም።»

እስክሪብቶ አወጣሁና ከመልሶቹ በአንዱ ጀርባ ላይ ጻፍኩ፦ «አስተማሪ ሲገባ ሠልጣኞች ዝም ስለሚሉ ነው ጋሼ።»

አነበቡ። «አሁን ሠልጣኝሽ አይደለሁም» አሉ። «ልጅቷ ልክ ነበረች? መልቀቄስ?»

«ልክ ነበረች» ብዬ ጻፍኩ።

አንብበው አልበቃቸውም፤ ዐይናቸውን ወረቀቱ ላይ እንደተከሉ፣ «ምክንያትሽስ?» አሉኝ። በየሳምንቱ በጥያቄዬ ውስጥ የምጽፈውን ነው የጠየቁኝ። ቀልድ አልነበረም። ፊታቸው ላይ የነበረው ጉጉት እንደ ተማሪ ጉጉት ነበር።

«ለልጆቹ ልክ ነበረች። ማንበብ አለባቸው» ብዬ ጻፍኩ። ጥቂት ቆይቼ ከሥሩ «ለእርስዎ ግን» ብዬ ጨመርኩና እስክሪብቶው እዚያ ላይ ቆመ። ለእርስዎ ግን ምን? ሰው ሁሉ በጽሑፍ ሐሳቡን እንዲያወጣ ስመክር የከረምኩ ሴት፣ ሁለት ቃል ጽፌ ሦስተኛውን አጣሁት። ዕንባዬን እንዳያዩብኝ አንገቴን ደፋሁ።

የመቱው አውቶቡስ መናኸሪያው በር ላይ ጥሩምባውን ደጋግሞ ነፋ። ረዳቱ ለመመለሻ ያስመዘገብኩትን ስሜን ሳይቀር እየጠራ ይጮኻል። ቀና ስል ጋሼ ምንም አልሰሙም፤ እጄን እያዩ፣ የምጽፈውን ይጠብቃሉ።